በ140 ሺህ ብር የጌም ኮምፒውተር፦ ለሱቁ ምን ብለን እንጻፍ?

ቦሌ፣ መገናኛና ሜክሲኮ አካባቢ ባሉ ሕንፃዎች ውስጥ የሚሠሩ የኮምፒውተር ሱቆች ከደንበኛ ጋር መጀመሪያ የሚገናኙት ብዙ ጊዜ በቴሌግራም ነው። የሚደርሳቸው መልእክት ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው፦ «ሰላም፣ 140 ሺህ ብር አለኝ፤ ጌሚንግ ፒሲ ይኖራችኋል?» መልሱም ቶሎ ይመጣል፦ «አለ። ኮር አይ7፣ 16 ራም፣ 512 ኤስኤስዲ፣ 4 ጊጋ ግራፊክስ፣ አርጂቢ ኬዝ። 138 ሺህ።»

በዚህ መልስ ውስጥ ምንም ውሸት የለም። ኮር አይ7 የሚለው ስም ግን ከ2011 (እ.ኤ.አ.) አይ7-2600 ጀምሮ ዘንድሮ እስከሚሸጡት ፕሮሰሰሮች ድረስ የሚሠራ ስም ነው። «4 ጊጋ ግራፊክስ» የሚለውም የካርዱን የማስታወሻ መጠን እንጂ ካርዱ ምን እንደሆነ አይነግረንም። ደንበኛው የነገረው የብሩን መጠን ብቻ ስለሆነ፣ ብሩ በየትኛው ዕቃ ላይ እንደሚወጣና በየትኛው ላይ እንደሚቆጠብ የሚወስነው ሱቁ ሆነ ማለት ነው። ነጋዴ ደግሞ ገንዘቡን የሚያውለው ዓይን የሚስብና ስሙ የሚታወቅ ዕቃ ላይ ነው፦ ቀለም የሚቀያይር ማራገቢያ፣ መስታወት ያለው ኬዝ፣ «አይ7» የሚል ተለጣፊ። የሚቆጥበው ደንበኛው ሊያየው በማይችለው ቦታ ነው፤ ፓወር ሰፕላዩ ላይ፣ ማዘርቦርዱ ላይ፣ በራሙ ዓይነት ላይ።

ለዚህ መፍትሔው መልእክቱን በደንብ መጻፍ ነው። አንድ ምሳሌ ወስደን እንየው። አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ዱባይ ያለች ታላቅ እህቱ የላከችለትንና ራሱ ያጠራቀመውን አዋጥቶ 140 ሺህ ብር ይዟል እንበል። ከዚህ በላይ የሚጨምረው የለውም። ከታች ያሉት ዋጋዎች ለስሌቱ እንዲመቹ የተወሰዱ ናቸው፤ የገበያው ዋጋ በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ ዋናው ነገር አካሄዱ ነው። ተማሪው እንዲህ ብሎ ይጽፋል፦

«ጤና ይስጥልኝ። ለጌም የሚሆን ዴስክቶፕ ላሠራ ፈልጌ ነበር። ያለኝ 140,000 ብር ነው፤ ቫትም የመገጣጠሚያም በዚሁ ውስጥ ይግባልኝ። በዚህ ብር የምፈልገው ኬዙን ከነውስጡ ብቻ ነው፤ ሞኒተር፣ ኪቦርድና ማውስ አለኝ። ሞኒተሬ 1920 በ1080፣ 60 ኸርዝ ነው። የምጫወተው ኢኤ ኤፍሲ፣ ጂቲኤ 5 እና ቫሎራንት ነው፤ ሳይቆራረጥ 60 ፍሬም ከሰጠኝ ይበቃኛል። ዊንዶውስ 11ን በይፋ የሚቀበል ይሁን። ግራፊክስ ካርዱ ያገለገለ ቢሆንም ችግር የለብኝም፤ ፓወር ሰፕላዩና ኤስኤስዲው ግን አዲስ ከነካርቶናቸው ይሁኑ። የመብራት ጌጥ አልፈልግም። እባካችሁ የእያንዳንዱን ዕቃ ሙሉ ስምና ሞዴል፣ አዲስ ወይም ያገለገለ መሆኑን፣ ዋጋውንና ዋስትናውን ለየብቻ ጽፋችሁ ፕሮፎርማ ላኩልኝ። ዋጋው እስከ መቼ እንደሚጸናና የትኛው ዕቃ በእጃችሁ እንዳለ፣ የትኛው በትዕዛዝ እንደሚመጣም ብትነግሩኝ። አመሰግናለሁ።»

መልእክቱ ረዘም ይላል፤ ግን በውስጡ ትርፍ ነገር የለም። ስለ ሞኒተሩ የተጻፈችውን አንዲት ዓረፍተ ነገር እንይ። 60 ኸርዝ ሞኒተር በሰከንድ ከ60 ምስል በላይ አያሳይም። ኮምፒውተሩ 140 ፍሬም ቢያመርት እንኳ ተማሪው ዓይን ላይ የሚደርሰው 60ው ነው። ይህን ያወቀ ሱቅ ውድ ፕሮሰሰር አያቀርብም፤ ያላወቀ ግን ደንበኛው ለማያየው ፍሬም ያስከፍላል። ሞኒተሩ 144 ኸርዝ ቢሆን ኖሮ የሚመረጡት ዕቃዎች ሌላ ይሆኑ ነበር። ሞኒተር ጭራሽ ከሌለ ደግሞ ከ140 ሺሁ ላይ የእሱ ዋጋ መጀመሪያ ተቀንሶ ነው የቀረው የሚከፋፈለው።

የጨዋታዎቹ ስም መጻፉም እንዲሁ ሥራ አለው። ቫሎራንት በዊንዶውስ 11 ላይ የሚሠራው ኮምፒውተሩ ቲፒኤም 2.0 የሚባለው የደኅንነት ክፍል ሲኖረውና ሴኪዩር ቡት ሲበራ ነው። የአራተኛው ትውልድ አይ7-4790፣ ማለትም የ2014ቱ፣ በዊንዶውስ 11 ተቀባይነት ካላቸው ፕሮሰሰሮች ዝርዝር ውስጥ የለም። ማይክሮሶፍት ደግሞ ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ በጥቅምት 2025 (እ.ኤ.አ.) አቁሟል። ስለዚህ «ዊንዶውስ 11ን በይፋ የሚቀበል» የምትለው ሐረግ ብቻዋን በአዲስ ኬዝ ውስጥ የሚቀርበውን ያረጀ አይ7 ከጨዋታ ውጪ ታደርገዋለች። ሱቁን «ትውልዱ ስንተኛ ነው?» እያሉ መከራከርም አያስፈልግም።

ሙሉ ስም መጠየቅ ያለብንን ምክንያት ለማየት ከግራፊክስ ካርዶች የተሻለ ቦታ የለም። አርቲኤክስ 3050 የሚል ጽሑፍ ያለባቸው ሁለት የተለያዩ ካርዶች አሉ። በ2022 (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ የወጣው 8 ጊጋ ማስታወሻና 2,560 የማስሊያ ኮሮች አሉት። በ2024 የወጣው ባለ 6 ጊጋው ደግሞ 2,304 ኮሮች ያሉት ሲሆን ከማስታወሻው ጋር የሚገናኝበት መስመርም ከ128 ቢት ወደ 96 ቢት የጠበበ ነው። በማስታወሻው መጠን ብቻ የሚለያዩ ይመስላል፤ ልዩነቱ ግን ካርዱ ሙሉ በሙሉ ዝቅ ያለ መሆኑ ነው። አርቲኤክስ 3060ም ባለ 12 ጊጋና ባለ 8 ጊጋ ሆኖ ይሸጣል፤ ባለ 8ቱ እዚያም በመስመሩ ስፋት ያንሳል። ፕሮፎርማው ላይ «3050» ወይም «3060» ብቻ ከተጻፈ የትኛው ካርድ እንደሚመጣ ገና አልተወሰነም ማለት ነው።

ብዙ ሰው ያለውን ብር ለሱቅ መናገር ይፈራል። «ስንት እንዳለኝ ካወቁ እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም ይወስዱታል» ይባላል። ፍርሃቱ መሠረት የለውም አልልም፤ ሆኖም ብሩን የደበቀ ሰው ሦስት አራት ጊዜ የማይሆነው ዝርዝር ይላክለታል፣ ሱቁም ይሰለቸዋል። ብሩን ነግሮ ዋጋው በየዕቃው ተለይቶ እንዲጻፍ የጠየቀ ሰው ግን የእያንዳንዱን ዕቃ ዋጋ ከሌላ ሱቅ ጋር ማስተያየት ይችላል። ደንበኛውን የሚጠብቀው የተከፋፈለው ዋጋ ነው። ያንኑ መልእክት ቃል ሳይቀይሩ ለሦስት ሱቆች መላክ ይበቃል።

አሁን ከአንዱ ሱቅ መልስ መጣ እንበል፦ «ራይዘን 5 5600 አዲስ 22,000። ቢ450 ማዘርቦርድ አዲስ 18,000። ራም ዲዲአር4 16 ጊጋ 15,000። ኤስኤስዲ ኤንቪኤምኢ 500 ጊጋ አዲስ 12,000። አርኤክስ 6600 8 ጊጋ ያገለገለ 48,000። ኬዝ ከነፓወር ሰፕላይ 500 ዋት 20,000። ድምር 135,000። ቫት አልተካተተም። ዋጋው ለ3 ቀን ይጸናል።»

ይህ ጥሩ መልስ ነው። የሱቁ ሰው ጥያቄውን አንብቦታል። አርኤክስ 6600 በ2021 (እ.ኤ.አ.) የወጣ ካርድ ሲሆን የተማሪውን ሦስት ጨዋታዎች በፉል ኤችዲ ያለችግር ያጫውታል። ከጠቅላላው ብር አንድ ሦስተኛ ገደማ ለግራፊክስ ካርድ መዋሉም ለጌም በሚሠራ ኮምፒውተር ላይ ትክክል ነው። ነገር ግን ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት መጥራት ያለባቸው ነገሮች አሉ።

መጀመሪያ ቫቱ። 135,000 ላይ 15 በመቶ ሲጨመር 155,250 ይሆናል፤ ከተማሪው አቅም በ15,250 ብር ይበልጣል። 140,000 ብር ቫትን ጨምሮ ከሆነ ለዕቃዎቹ የሚቀረው 121,700 ገደማ ብቻ ነው። ብዙ ደንበኛ ይህን የሚያውቀው ክፍያ ላይ ሲደርስ ነው። በዚያ ሰዓት «ያለ ደረሰኝ ከሆነ በ135 ይሁንልህ» የሚል ሐሳብ ይመጣል። እኔ አልመክረውም። ሕጉን ትተን ስለ ጥቅም ብቻ ብናወራ እንኳ፣ ደረሰኝ የሌለው ሰው ከሁለት ወር በኋላ ካርዱ ሲበላሽ ዋስትናውን የሚጠይቅበት ወረቀት የለውም።

ቀጥሎ ፓወር ሰፕላዩ፤ እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። «ኬዝ ከነፓወር ሰፕላይ 500 ዋት» የሚለው መስመር የዕቃውን ስም አይናገርም። ከኬዝ ጋር አብረው የሚመጡ ፓወር ሰፕላዮች በጎናቸው ላይ ተለጣፊ አላቸው፤ በተለጣፊው ላይ ትልቁ ቁጥር 500 ዋት ሊሆን ይችላል። መታየት ያለበት ግን በትንንሽ ፊደል የተጻፈው ሠንጠረዥ ነው። በሠንጠረዡ ውስጥ +12V የሚል ዓምድ አለ፣ ከሥሩ ደግሞ አምፔሩ። ፕሮሰሰሩም ግራፊክስ ካርዱም የሚመገቡት ከዚህ መስመር ነው። እዚያ ላይ 18A ቢል፣ 18 በ12 ሲባዛ 216 ዋት ነው። አርኤክስ 6600 ለብቻው እስከ 132 ዋት፣ ፕሮሰሰሩ እስከ 76 ዋት ይወስዳሉ፤ ይህ ብቻ 208 ደረሰ። ማዘርቦርዱና ማራገቢያዎቹ ሲጨመሩ፣ ካርዱም ለቅጽበት ከልኩ በላይ ሲስብ፣ 216 ዋት አይበቃም። ደኅና የሆነ ባለ 550 ዋት ፓወር ሰፕላይ በዚያው ዓምድ 45A አካባቢ ይጽፋል፤ ይህም 540 ዋት ነው። የተጻፈው ዋትና መስመሩ የሚሰጠው ዋት ተቀራራቢ መሆናቸው አንዱ የጥሩ ዕቃ ምልክት ነው።

አቅም ያነሰው ፓወር ሰፕላይ ሱቅ ውስጥ አይታወቅም። ኮምፒውተሩ ይበራል፣ ዊንዶውስ ይከፈታል፣ ቪዲዮ ያሳያል። ችግሩ የሚመጣው ቤት ገብቶ ጨዋታ ሲጀመር ነው፦ ስክሪኑ ድንገት ጥቁር ይሆንና ኮምፒውተሩ ራሱን ያጠፋል። ባለቤቱ ግራፊክስ ካርዱ ተበላሸ ብሎ ያስባል፤ ሱቁም ያገለገለ ካርድ ስለሆነ ይሆናል ብሎ ይስማማል። መብራት በሚቆራረጥበትና ቮልቴጅ ከፍ ዝቅ በሚልበት ቤት ደግሞ ርካሽ ፓወር ሰፕላይ ሲቃጠል ሌላውንም ዕቃ ይዞ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ተማሪው የሚጠይቀው ፎቶ ነው፦ «የፓወር ሰፕላዩን የጎን ተለጣፊ ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ።» ዕቃው ሱቁ ውስጥ ካለ ፎቶው የደቂቃ ሥራ ነው።

ራሙ ላይ ያለው ጥያቄ አጭር ነው፦ 16 ጊጋው አንድ ነው ወይስ ሁለት ባለ 8? ፕሮሰሰሩ ከራም ጋር የሚነጋገርባቸው መስመሮች ሁለት ናቸው፤ አንድ ራም ብቻ ከተሰካ አንዱ ባዶውን ይቀመጣል። መጠኑ ያው 16 ቢሆንም ጨዋታው ላይ ፍሬም ይቀንሳል፣ መቆራረጥም ይበዛል። ማዘርቦርዱ ላይ ደግሞ ቢ450 ከራይዘን 5000 ፕሮሰሰሮች በፊት የወጣ ቦርድ ስለሆነ፣ ባዮሱ ካልታደሰ አዲሱን ፕሮሰሰር ላያውቀው ይችላል። ሱቁ አድሶ እንዲሰጥ በጽሑፍ መጠየቅ ይበቃል።

ቀሪው ሥራ 135,000ውን ወደ 121,700 ማውረድ ነው። እዚህ ጋ ነው መጀመሪያ የተጻፈው የ60 ፍሬም ጉዳይ የሚከፍለው። ተማሪው እንዲህ ብሎ ይመልሳል፦ «እናመሰግናለን። ቫት ጨምሮ 140,000 እንዲሆን ፕሮሰሰሩ ራይዘን 5 5500፣ ቦርዱ ኤ520 ቢሆንስ? ራሙ 8 በ2 ይሁን። ኬዙ ተራ ሆኖ ፓወር ሰፕላዩ ለብቻው ስሙ የታወቀ 550 ዋት ይሁንልኝ።» ራይዘን 5 5500 እንደ 5600ው ስድስት ኮር አለው፤ ውስጣዊ ማስታወሻው ግን ግማሽ ነው፣ ስለዚህ በአንዳንድ ጨዋታዎች ፍሬሙ ዝቅ ይላል። ዝቅ የሚለው ግን በ60 ኸርዝ ሞኒተር ላይ ከማይታየው ላይ ነው። ኤ520 ቦርድ ፕሮሰሰርን ከልኩ በላይ ማስሮጥ አይፈቅድም፣ ተማሪው ደግሞ ያን አልጠየቀም። ባዮሱ ታድሶ መሰጠቱ ግን ለዚህኛውም ያስፈልጋል።

አዲሱ ፕሮፎርማ ፕሮሰሰር 17,000፣ ቦርድ 13,000፣ ራም 15,000፣ ኤስኤስዲ 12,000፣ ግራፊክስ ካርድ በድርድር 46,000፣ ፓወር ሰፕላይ 12,000፣ ኬዝ 6,000 ሆኖ ቢመጣ ድምሩ 121,000 ነው። ቫቱ 18,150፤ ጠቅላላው 139,150። ከበፊቱ 20,000 ብር ይወስድ የነበረው ባለጌጥ ኬዝ አሁን ለሁለት ተከፍሎ፣ ትልቁ ድርሻ ወደ ፓወር ሰፕላዩ ሄዷል። እኔ ብሆን ግራፊክስ ካርዱንና ፓወር ሰፕላዩን ሳልነካ ሌላው ላይ ነበር የምቀንሰው፤ ኤስኤስዲም ሆነ ኬዝ ወደፊት ያለ ችግር ይቀየራል። ባለ 500 ጊጋው ኤስኤስዲ ቶሎ እንደሚሞላ ግን መታወቅ አለበት፤ ከዛሬ ጨዋታዎች አንዱ ብቻውን 100 ጊጋባይት ሊይዝ ይችላል።

ዩፒኤስ በዚህ ሒሳብ ውስጥ የለም፤ ዋጋውን ለብቻው መጠየቅ ነው። 650 ቪኤ የሚል ዩፒኤስ ብዙ ጊዜ የሚሸከመው ከ400 ዋት በታች ነው፤ ለዚህ ኮምፒውተርና ለሞኒተሩ መብራት ሲጠፋ አስቀምጦ ለማጥፋት የሚሆን ደቂቃ ይሰጣል፣ ጨዋታ ለመቀጠል ግን አይሆንም።

ዋጋው ለ3 ቀን ብቻ መጽናቱ ደንበኛን ያስከፋል። ሱቁ ግን ዕቃውን የሚተካው በዶላር ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ማብቂያ አካባቢ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቀው፣ በባንክ ከ57 ብር ጥቂት ከፍ ይል የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከ2025 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ወዲህ ደግሞ የራም ዋጋ በዓለም ገበያ ላይ እጅግ ንሯል። ስለዚህ ብሩ ሳይዘጋጅ ፕሮፎርማ መሰብሰብ ትርፉ ድካም ነው። ቀብድ የሚጠየቅ ከሆነም፣ ቀብዱ ዋጋውን የሚያጸናው በትዕዛዝ ለሚመጡት ዕቃዎች ጭምር መሆኑና ዕቃው ካልመጣ እንደሚመለስ ደረሰኙ ላይ ይጻፍ።

ዕቃው ሲረከብ ሱቁ ውስጥ የሚደረግ ምርመራ አለ። የሞኒተሩ ኬብል የሚሰካው ግራፊክስ ካርዱ ላይ ነው፤ ራይዘን 5 5500 የራሱ ግራፊክስ ስለሌለው በቦርዱ መውጫ ምንም አይታይም። ራሙን ለማየት ፓወርሼል ተከፍቶ ይህ ይጻፋል፦

```
Get-CimInstance Win32_PhysicalMemory | Select-Object Capacity, ConfiguredClockSpeed
```

ሁለት መስመር ከመጣ ራሞቹ ሁለት ናቸው። በሁለተኛው ዓምድ ፕሮፎርማው ላይ የተጻፈው ፍጥነት፣ ለምሳሌ 3200፣ መታየት አለበት፤ 2133 ወይም 2400 ካለ ራሙ አልተበላሸም፣ ባዮስ ውስጥ XMP ወይም DOCP የሚለው አልበራም፤ ቴክኒሻኑ እዚያው ያበራዋል። ግራፊክስ ካርዱን GPU-Z በተባለው ነፃ ፕሮግራም ማየት ይቻላል። ያረጀ የኤንቪዲያ ካርድ ስሙ ተቀይሮ እንደ አዲስ ከተሸጠ ፕሮግራሙ በስሙ ፊት [FAKE] ብሎ ይጽፋል። ለአርኤክስ 6600 ደግሞ የሚታየው ስሙና የ8 ጊጋው ማስታወሻ ነው። ያገለገሉ ካርዶች ብዙዎቹ ክሪፕቶ ሲቆፍሩ የኖሩ ናቸው፤ ኢቴርየም በመስከረም 2022 (እ.ኤ.አ.) በግራፊክስ ካርድ መቆፈር ሲቀር እነዚያ ካርዶች ገበያውን አጥለቅልቀውት ነበር። በዚህ ምክንያት ብቻ አይጣሉም፤ ግን ማራገቢያቸው ሊያልቅ ስለሚችል እየዞሩ ድምፃቸውን መስማት ያስፈልጋል።

ከዚያ በኋላ ከሦስቱ ጨዋታዎች አንዱ ሱቁ ውስጥ ተጭኖ ለግማሽ ሰዓት ያህል ይሂድ። በዚያ ጊዜ ኮምፒውተሩ ራሱን ካላጠፋ፣ ስክሪኑ ላይ ነጠብጣብና የተሰባበረ መስመር ካልታየ ገንዘቡ ይከፈል። በደረሰኙ ላይ «ጌሚንግ ፒሲ 1» ተብሎ ብቻ እንዳይጻፍ፤ የግራፊክስ ካርዱ፣ የፓወር ሰፕላዩና የኤስኤስዲው ሴሪያል ቁጥሮች ከነዋስትና ጊዜያቸው ይስፈሩበት፣ ኬዙ ሳይዘጋም የሦስቱ ተለጣፊ በስልክ ፎቶ ይነሳ።